አህያዋ «ና» ሲሏት ለምን አትመጣም? ስለ ካርቱናችን ደብተር አንድ አስተያየት



ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ «ያ የልጆች ካርቱን ሥዕሉ መቼ ነው የሚጀመረው?» ተብለን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከመካከላችሁ ሥዕል የሚችሉ አሉ፣ ድምፅ ልስጥ ያሉ አሉ፣ ኮምፒውተሩንም የሚያውቅ አባት አግኝተናል። የእኔ አስተያየት ግን ይሄ ነው፤ ደብተሩ ሳያልቅ አንድም ሥዕል አይሳል። በተለይ በደብተሩ ውስጥ ያለችው የአህያዋ ሕግ ጸንታ ሳትቆም አይጀመር። ለምን እንደምል በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ከአስተማሪዎቹም ከወላጆችም መካከል በዚህ የማይስማማ ስላለ።

ደብተር የምለው የፊልም ሰዎች «ባይብል» የሚሉትን ነው። ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር አይገናኝም። የአንድ ተከታታይ ፊልም ጸሐፊዎች በተጣሉ ቁጥር ገልጠው የሚዳኙበት ሰነድ ስለሆነ ነው እንዲያ የተባለው። ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ገጽ ይሆናል። ገጸ ባሕርያቱ እነማን እንደሆኑ፣ በዚያ ዓለም ምን እንደሚቻልና ምን እንደማይቻል፣ አንዱ ክፍል እንዴት ተጀምሮ እንዴት እንደሚያልቅ፣ አነጋገሩና ቀልዱ ምን ዓይነት እንደሆነ ይጻፍበታል። ፊልሙን ለቴሌቪዥን ጣቢያ ለመሸጥ የሚዘጋጅም አለ፤ እሱ በሥዕል ያሸበረቀ ነው። የእኛ ግን ለራሳችን ለጸሐፊዎቹ ነው፤ ስለዚህ ማማር የለበትም፣ ግልጽ መሆን ነው ያለበት።

እንዴት እንደጀመርነው ላውጋችሁ። መጀመሪያ ያለ ደብተር ነበር የሄድነው። ሦስት አስተማሪዎች ለየብቻችን አንድ አንድ ክፍል ጽፈን መጣን። በአንደኛው ጽሑፍ ልጅቷ ዓይን አፋር ናት፣ በሁለተኛው ምላሷ የማይታጠፍ ነገረኛ። በአንደኛው አህያዋ ታወራለች፣ በሌላው ትዘፍናለች፣ በእኔው ደግሞ ዝም ብላ ሣር ትበላለች። ሦስቱም ለየብቻ መጥፎ አልነበሩም። ግን የአንድ ተከታታይ ፊልም ክፍሎች አልነበሩም። ሥዕል ጀምረን ቢሆን ኖሮ የሦስት ወር ቅዳሜያችን ባክኖ ነበር።

ከሰዎቹ ልጀምር። የመጀመሪያው ረቂቅ ስለ ዋናዋ ልጅ እንዲህ ይል ነበር፦ «ሶስና የ7 ዓመት ልጅ ናት። ጎበዝ፣ ታዛዥ፣ ቤተሰቧንና ባህሏን የምትወድ።» ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ሌላ ሰው ላይ አላላክክም። ነገር ግን ከዚህች ልጅ ታሪክ ማውጣት አይቻልም። ታዛዥ ልጅ «አትንኪ» ሲሏት አትነካም፤ ታሪኩም እዚያው ያልቃል። አሁን ደብተሩ የሚለው ሌላ ነው፦ «ሶስና ሁሉን ነገር ከሰው ቀድማ፣ ለብቻዋ ማድረግ ትፈልጋለች። እርዳታ መጠየቅ ይከብዳታል። አማርኛ ሲነገር ሁሉን ትሰማለች፤ ስትናገር ግን አጭር ዓረፍተ ነገር ትመርጣለች፣ እንዳትሳሳት።» ይህቺን ልጅ ክፍላችን ውስጥ የማያውቃት አስተማሪ የለም። ምን እንደምትፈልግ እናውቃለን፤ ምን እንደሚያደናቅፋትም እናውቃለን። ታሪክ የሚወጣው ከሁለቱ መሃል ነው።

ወንድሟ ናታን 4 ዓመቱ ነው። ስለ ስህተት ግድ የለውም፣ የመጣለትን ይናገራል፣ ሁሉን ነገር ይጠይቃል። አያታቸው እማማ ዘነበች ከአገር ቤት በቅርብ ነው የመጡት። እማማ ዘነበች ላይ ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችሁ አያት ማለት ምክር የምትሰጥ፣ ተረት የምትነግር፣ ሁሉን የምታውቅ ሆና እንድትሳል ፈልጋችኋል። ሁሉን የሚያውቅ ሰው ግን በልጆች ፊልም ውስጥ ግድግዳ ነው፤ ታሪኩ እሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ ለእማማ ዘነበችም ድክመት ሰጠናቸው፦ አላውቅም ማለት አይወዱም። ሊፍቱ የቱን ቁልፍ ተጭነው እንደሚሄድ አያውቁም፤ ግን ከመጠየቅ ደረጃውን በእግር መውጣት ይመርጣሉ። ለካ ከልጅ ልጃቸው ጋር አንድ ዓይነት ሰው ናቸው! ይህን የደረስንበት ስንጽፈው ነው። «ብሉዪ» የተባለውን የአውስትራሊያ ካርቱን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ አባትየው ይሳሳታል፣ ይሰንፋል፣ በልጆቹ ይሸነፋል፤ ልጆቹም ወላጆቹም የሚወዱት ለዚህ ይመስለኛል።

ገጸ ባሕርይ ተጽፎ አለቀ ወይስ አላለቀም የሚለውን የምንፈትንበት ቀላል ዘዴ አለ። ሦስቱን አንድ ክፍል ውስጥ እናስቀምጥና አንድ ብርቱካን እንሰጣቸዋለን። ከዚያ ስማቸውን በወረቀት ሸፍነን ንግግሩን እናነባለን። «እኔ እልጣለሁ፤ ቢላ አልፈልግም።» «ለምን ክብ ሆነ?» «እኔ አልፈልግም፣ እናንተ ብሉ።» ማን ምን እንዳለ ሳይነገራችሁ ካወቃችሁ ሰዎቹ አሉ ማለት ነው። ሦስቱም «ብርቱካን ጤናማ ምግብ ነው» የሚሉ ከሆነ ግን ሦስቱም የሉም፤ ያለነው እኛ አስተማሪዎቹ ብቻ ነን።

አሁን ወደ አህያዋ ልምጣ። ስሟ ወይዘሪት ነው። ከሕንፃው ጀርባ፣ የብስክሌት ማቆሚያው ጋ ትኖራለች። ከየት እንደመጣች አይነገርም። ከእማማ ዘነበች በስተቀር ትልልቅ ሰዎች ሲያይዋት ብስክሌት ትመስላቸዋለች፤ የሕንፃው ኃላፊ አንገቷ ላይ «የማን ነው ይህ ብስክሌት?» የሚል ወረቀት ለጥፎባታል። ዋናዎቹ ሕጎቿ ግን አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ወይዘሪት አትናገርም፤ የምትሰማው ደግሞ አማርኛ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ቢጮሁባት ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሣሯን ትበላለች። ሁለተኛ፣ የተባለችውን ታደርጋለች እንጂ ሊባል የታሰበውን አታደርግም። «ና» ካሏት ዞር ብላ የተጠራውን ወንድ ትፈልጋለች። «ነይ» ካሏት ትመጣለች። «ኑ» ካሏት ደግሞ ብቻዋን አትመጣም፤ ያገኘችውን ሁሉ እየገፋች ይዛ ትመጣለች። ሦስተኛ፣ የየትኛውንም አገር ሰው አማርኛ ትሰማለች፤ የጎንደሩን፣ የጎጃሙን፣ የወሎውን፣ የሸዋውን፣ የአዲስ አበባውን። «የእኛ ቤት አነጋገር ስህተት ነው እንዴ?» የሚል ልጅ እንዳይኖር ነው። አራተኛ፣ አማርኛ ስለተሳሳተ ማንም በማንም ላይ አይስቅም። ተመልካቹ የሚስቀው አህያዋ በታማኝነት በምታደርገው ነገር ነው።

ሕግ ቀልድን ያጠብባል የሚል ሰው ካለ፣ የነገሩ ተቃራኒ ነው እውነቱ። ሮድ ራነር የሚባለውን ሯጭ ወፍና የሚያሳድደውን ቀበሮ መሳይ ኮዮቴ ብዙዎቻችሁ በልጅነታችሁ አይታችኋል። ፈጣሪው ቸክ ጆንስ የዚያን ካርቱን ሕጎች በመጽሐፉ ዘርዝሯቸዋል። ወፉ ከመንገዱ አይወጣም። ኮዮቴው የሚጎዳው በራሱ ሞኝነት ወይም በገዛው ዕቃ ብልሽት እንጂ ወፉ መትቶት አይደለም። ማሳደዱን በፈለገ ጊዜ መተው ይችላል፤ እልኸኛ ባይሆን። በእነዚህ ጥቂት ሕጎች ነው ያ ሁሉ ሳቅ የተሠራው። ተመልካቹ ሕጉን ስለሚያውቅ ገና ድንጋዩ ሳይወድቅ ይስቃል። የእኛም ልጅ «ና» የሚለውን ሲሰማ ከአህያዋ ቀድሞ «አይደለም፣ ነይ በላት!» ብሎ ከጮኸ ሕጋችን ሠርቷል ማለት ነው። እኛ ክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ ስንጽፈው ያልገባው ነገር በዚያች ደቂቃ ይገባዋል።

አንድ ክፍል ከዚህ ሕግ እንዴት እንደሚወጣ ላሳያችሁ። ርዕሱ «ትምጣ ወይስ ትምታ» ነው። እዚህ ለተወለዱ ልጆች ጠ ከባድ ፊደል ነው፤ እንግሊዝኛ ውስጥ ስለሌለች ጆሯቸው ተ ብሎ ይቀበላታል። ተ ሲባል ትንፋሽ ሾልኮ ይወጣል፤ ጠ ሲባል ግን ጉሮሮ ለአፍታ ይዘጋና ድምፁ ፈንጠር ብሎ ይወጣል። ይህቺ ልዩነት መጣ እና መታን ሁለት የተለያዩ ቃላት ታደርጋቸዋለች።

ሶስና ከጎረቤት ልጆች ጋር ከሕንፃው ጀርባ ኳስ ልትጫወት ነው። ቡድን ይመረጣል፤ አንድ ሰው ይጎድላታል። «ወይዘሪት ትምጣ!» ማለት ፈልጋ «ወይዘሪት ትምታ!» ትላለች። ወይዘሪት ታዛዥ ናት፤ ኳሱን በኋላ እግሯ ትመታዋለች። ኳሱ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ያርፋል። ሶስና ያልተሰማች መስሏት ጮክ ብላ ትደግመዋለች። ሁለተኛው ኳስም ይሄዳል። ናታን ሊያግዝ «ና! ና!» ሲል የጎረቤት ወንድ ውሻ ሮጦ ይመጣና ሦስተኛውን ኳስ በአፉ ይዞ ይጠፋል። ሦስት ሙከራ፣ ሦስት ጥፋት፤ እያንዳንዱ ካለፈው የባሰ።

ከዚህ በኋላ ጸጥ የሚል አንድ ደቂቃ አለ። ሶስና ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። እማማ ዘነበች ቆሎ ይዘው አጠገቧ ይቀመጣሉ። በዚያ ሰዓት ጎረቤት በሩን ይከፍትላቸዋል፤ እሳቸውም በእንግሊዝኛ «ሳንክ ዩ» ይላሉ። ጎረቤቱ ፈገግ ብሎ ያልፋል። እማማ ዘነበች ወደ ሶስና ዞር ብለው «ልክ አልኩት?» ይላሉ። ሶስና አስባ «ገብቶታል» ትላለች። በቃ፤ ከዚህ በላይ ምክር የለም። ከዚያ ሶስና ቆሎዋን እየቆረጠመች ለራሷ «መታ… መጣ… መታ… መጣ…» ማለት ትጀምራለች። ወይዘሪት በሩቁ አንድ እግሯን ታነሳለች፣ ታወርዳለች፣ ታነሳለች፣ ታወርዳለች።

መፍትሔው ሁለቱንም ቃል ይፈልጋል። አህያዋ በረንዳው ሥር መድረስ አለባት፤ ስለዚህ «ትምጣ!»። እዚያ ደርሳ የውሃ ቧንቧውን በእግሯ ማንቀጥቀጥ አለባት፤ ስለዚህ «ትምታ!»። ኳሶቹ ይወርዳሉ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ስህተት የነበረው ቃል መጨረሻ ላይ ያስፈልጋል። ይህን በደብተሩ ውስጥ ሕግ አድርገነዋል፦ ስህተቱ ራሱ አንድ ቦታ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ፤ ምክንያቱም ቀላል ተቃውሞ አይደለም። አንዲት እናት «አህያዋ ልጆቹን ታሸማቅቃለች። የእኔ ልጅ ድሮም አፏን አትከፍትም፣ አሁን ካርቱን ሊያርማት ነው?» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ቢያንስ ስለ መጀመሪያው ረቂቅ። በዚያ ረቂቅ ውስጥ ከአገር ቤት የመጣ የአክስት ልጅ ነበረ። ሶስና ስትሳሳት ይስቅባትና ትክክለኛውን ይነግራት ነበር። ጽሑፉን ለክፍሉ ጮክ ብለን ስናነብ ልጆቹ በአህያዋ ሳቁ፣ የአክስት ልጁ ሲስቅ ግን ሁለት ልጆች አንገታቸውን ደፉ። አንዷ የወረቀቷን ጥግ መቅደድ ጀመረች። የአክስት ልጁን ያን ዕለት አወጣነው፤ አራተኛው ሕግም የተጻፈው ያን ዕለት ነው። አህያ አትፈርድም። «ትምታ» ካሏት ትመታለች፣ «ትምጣ» ካሏት ትመጣለች፤ ነገ ደግሞ ትላንት የተባለችውን ረስታ አዲስ ትጠብቃለች። እኛ ትልልቆቹ «አይ አንቺ! እንዲህ አይባልም» ስንል በፊታችን ላይ የሚታየው ነገር እሷ ፊት ላይ የለም። የማልደራደረውም እዚህ ላይ ነው፦ ሁለተኛው ሕግ ያለ አራተኛው አይሄድም። አንዱ ጸሐፊ አንድ ክፍል ውስጥ እንኳ «ለቀልድ ያህል» ቢጥሰው ያቺ እናት ያለችው ይደርሳል።

ስለ ክፍሎቹ አሠራር ብዙ አልልም። አንዱ ክፍል 7 ደቂቃ ነው፤ «ብሉዪ»ም ያህል ነው። ጽሑፉ በግምት ለአንድ ደቂቃ አንድ ገጽ ይሆናል። የመጀመሪያው ደቂቃ ልጅቷ የምትፈልገውን ያሳያል፤ ሦስቱ ደቂቃ ሦስት ሙከራ ነው፤ አንድ ደቂቃ ጸጥታ፤ የቀረው መፍትሔና መዝጊያ። በአንድ ክፍል አንድ የቃል ጥንድ ብቻ። መጣና መታ ባለበት ክፍል ውስጥ ጠፋና ተፋን መጨመር ያጓጓል፤ አህያዋ «ጥፊ» ስትባል «ትፊ» ሰምታ ስትተፋ ይታያችሁ! ግን የራሱ ክፍል ይገባዋል። ሁለቱን ብንደባልቅ ልጁ አንዱንም አይዝም። ይልቅስ ያንኑ ቃል በተለያየ ሁኔታ ደጋግሞ ቢሰማ ይሻላል። በ1996 በአሜሪካ የጀመረው «ብሉዝ ክሉዝ» የተባለ የልጆች ፕሮግራም አንዱን ክፍል ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስት ቀን ደጋግሞ ያሳይ ነበር፤ ትንንሽ ልጆች አልሰለቹም፣ እንዲያውም በተደጋገመ ቁጥር መልሱን ቀድመው ይናገሩ ነበር። «ከእኔ ጋር በሉ» የሚል ሰው ግን አይኖርም። ሶስና ከመናገሯ በፊት ሦስት ሰከንድ ዝም ትላለች፤ ያቺን ዝምታ የሚሞላት ቤት የተቀመጠው ልጅ ነው።

በጣም ያስቸገረን ስለ ቃናው የጻፍነው ገጽ ነው። «አዝናኝና አስተማሪ» ብለን ጽፈን ነበር። ይህ ምንም አይልም፤ ማንም ሰው ስለማንኛውም ነገር ሊጽፈው ይችላል። አሁን በጥንድ በጥንድ ነው የጻፍነው። «እማማ ዘነበች አገራቸው ይናፍቃቸዋል፤ ግን አያለቅሱም፣ ዝም ብለው የበረንዳውን ጤና አዳም ያሸታሉ።» «ክፉ ሰው የለም፤ የሕንፃው ኃላፊም ሥራው ሆኖበት ነው።» «ክፍሉ በምክር አያልቅም፤ በአህያዋ ያልቃል።» የመጨረሻዋ ላይ አንድ አባት «ታዲያ ትምህርቱ የታለ?» ብለው ጠየቁኝ። ትምህርቱ ልጁ ኳስ ሲጫወት «ትምጣ» ሲል ነው የሚታየው። የአባቶቻችን ተረትም ቢሆን ጅቡ ሞኝ ሆኖ ሲገኝ ነው ልጁን የሚይዘው፤ ማጠቃለያው እስኪመጣ ድረስ ልጁ የሚፈልገውን ወስዷል።

«አገር ቤት የተሠራ አለ አይደል? እሱን ለምን አናሳያቸውም?» ያላችሁም አላችሁ። አሳዩአቸው! «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ ያለችው ቀጭኔ ስንት ልጅ አሳድጋለች። ግን እሷ የምታናግረው አማርኛን በሰፈር፣ በመንገድ፣ በትምህርት ቤት የሚሰማ ልጅን ነው። የእኛ ልጅ አማርኛን የሚሰማው በአብዛኛው ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው ነው፤ ያም ሲታዘዝና ሲገሠጽ ይበዛል። ስለዚህ የእኛ ዓለም ሕግ የተለየ መሆን ነበረበት፦ አማርኛ የሚያዘው ልጁ፣ የምትታዘዘው አህያዋ።

ደብተሩ የት ደረሰ ካላችሁ፣ 11 ገጽ ሆኗል። የምንጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው፤ ከአራቱ ሕጎች ብቻ ተነስተን የ10 ክፍል ታሪክ፣ እያንዳንዱን በአንድ አንቀጽ መጻፍ ከቻልን ሕጎቹ ይሠራሉ። ካልቻልን ሕጉ ጠባብ ነው ወይም ሰዎቹ አልተጻፉም ማለት ነው። እስካሁን ያለን ስድስት ነው። ሰባተኛውን ሁለት ቅዳሜ ሞክረን አልወጣልንም፤ አህያዋን በግድ ነው ያስገባናት፣ ሲነበብም ያስታውቃል።

ስለዚህ ሥዕሉ ይቆይ እላለሁ። እስከዚያ ከእናንተ የምንፈልገው ነገር አለ፤ ልጆቻችሁ ቤት ውስጥ አንዱን ቃል በሌላ ቀይረው ሲናገሩ የሰማችሁትን ጽፋችሁ ላኩልን። ምን ለማለት ፈልገው ምን እንዳሉ፣ ከዚያም ምን እንደተፈጠረ። የልጁን ስም አትጻፉ። ስታርሙትም ሆነ ስትስቁ እንዳይሰማችሁ ተጠንቀቁ፤ ዝም ብላችሁ እንደ ወይዘሪት የተባላችሁትን አድርጉና ምን እንደሚል እዩ።